የዴ ቴ ትሴት የቃል ፈተና፦ ፎቶ ሲሰጡኝ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አይወጣኝም

ሚሚ ከካሰል
ሰላም ወገኖች። በሚቀጥለው ወር ዴ ቴ ትሴትን፣ እዚህ ጀርመን የምንማረውን የጀርመንኛ ኢንተግራስዮን ኩርስ የመጨረሻ ፈተና፣ እወስዳለሁ። ማንበቡና ማዳመጡ እምብዛም አያስፈራኝም። የቃል ፈተናው ሁለተኛ ክፍል ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ፎቶ ይሰጡሽና “ምን ይታይሻል? ምን ዓይነት ሁኔታ ነው?” ይሉሻል። መዘጋጃ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱን ገልብጠሽ ወዲያው ማውራት ነው።

ክፍል ውስጥ የተለማመድንበት ፎቶ የሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ነበር። ከፊት አንዲት ሴት ልጅ አቅፋ ተቀምጣለች፤ እጇ ልጁ ግንባር ላይ ነው። በግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባሉ። ከኋላ ባንኮኒ አለ፣ እዚያ አንዲት ወጣት ስልክ ታወራለች። ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሏል። በአማርኛ ይኸው ተንበለበልኩት። በጀርመንኛ ሲሆን ግን “ሴት አለች፣ ልጅ አለ፣ ሰዓት አለ” ብዬ ዝም። ያለፋችሁ ሰዎች፣ ከየት ልጀምር? ምን ልበል?

(ጀርመንኛውን በፊደላችን ጻፉልኝ፣ ስልኬ ላይ የእነሱ ኪቦርድ የለም።)

ወንዴ 77
ቀላል ነው ሚሚ፣ አትጨነቂ። መግቢያዋን ሸምድጂ፦ “አውፍ ዴም ፎቶ ዜኤ ኢሽ…” ፎቶው ላይ ይታየኛል ማለት ነው። ከዚያ “ኢሽ ዜኤ፣ ኢሽ ዜኤ” እያልሽ የሚታየውን ሁሉ ዘርዝሪ። ወንበሩን፣ ሰዓቱን፣ የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር። ብዙ ባወራሽ ቁጥር ብዙ ነጥብ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው የቢ1 ደረጃ የያዝኩት።

ፊደል ቆጣሪዋ
ሰላም ሚሚ። እኔ ይህንን ኩርስ አስተምራለሁ፣ በፈታኝነትም ተቀምጬ አውቃለሁ። ወንዴ ስለ መግቢያው ልክ ነው፤ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር አፍሽ ላይ ተዘጋጅታ ትቆይ። ዝርዝሩ ላይ ግን አልስማማም።

ጥያቄው ሁለት መሆኑን እይ። አንዱ “ምን ይታያል” ነው። ሌላው “ምን ዓይነት ሁኔታ ነው” ነው። ወንበርና ሰዓት የሚቆጥር ሰው የመጀመሪያውን ብቻ መለሰ። እሱንም በግማሹ። ፈታኟ ፎቶው እጇ ላይ አለ፣ ሰዓት መኖሩን ታውቃለች። መስማት የምትፈልገው አንቺ ሰዎቹን ከቦታቸው፣ ከሥራቸውና ከሁኔታቸው ጋር አያይዘሽ መናገር መቻልሽን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝጊው፦ “አውፍ ዴም ፎቶ ዚት ማን አይን ቫርተትሲመር ባይም አርትስት።” ፎቶው ላይ የሐኪም መጠበቂያ ክፍል ይታያል። አለቀ። አሁን ሰሚው የት እንዳለ አውቋል። ከዚህ በኋላ የምትናገሪው ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ሰዎቹን ከፊት ወደ ኋላ ያዣቸው፦

“ኢም ፎርደርግሩንት ዚትስት አይነ ፍራው ሚት ኢረም ኪንት።” ከፊት አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ተቀምጣለች።
“ሊንክስ ሊስት አይን አልተር ማን ትሳይቱንግ።” በግራ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባሉ።
“ኢም ሂንተርግሩንት ቴሌፎኒርት አይነ ዩንገ ፍራው።” ከኋላ አንዲት ወጣት ስልክ ታወራለች።

ሦስቱንም ጮክ ብለሽ በያቸው። አሠራራቸው አንድ ነው። ቦታው ይቀድማል፣ ወዲያው ግሡ ይከተላል፣ ከዚያ ነው ሰውየው የሚመጣው። የእኛ ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “ኢም ፎርደርግሩንት አይነ ፍራው ዚትስት” ይላል። ቦታውን ካስቀደምሽ ግሡ ሁለተኛውን ወንበር ለማንም አይለቅም። ይህንን አንድ ነገር ብቻ ካስተካከልሽ ገለጻሽ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስላል።

ሰዓቱን ተዪው። ጊዜ ከተረፈሽ ትመለሺበታለሽ።

ወንዴ 77
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ሰዓቱንም አበባውንም ቆጥሬ አልፌያለሁ እኮ። 😀

ፊደል ቆጣሪዋ
አልፈሃል፣ አልካድኩም። ከመቶው 75 ማምጣት ነው የሚጠበቀው፣ በብዙ መንገድ ይደረሳል። ግን ነጥቡ የሚሰጠው በርዝመት አይደለም። የተጠየቅኸውን መመለስህ ለየክፍሉ ይታያል። አነጋገርህ፣ ሳትደናቀፍ መሄድህ፣ ሰዋስውህና የቃላት ሀብትህ ደግሞ በጠቅላላው ፈተና ላይ ይመዘናሉ። አሥር ጊዜ “ኢሽ ዜኤ” ያለ ሰው የቃላት ሀብቱን በገዛ አፉ እያሳነሰ ነው።

ጆሲ
ጤና ይስጥልኝ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ለስኮላርሺፕ የዱኦሊንጎ እንግሊዝኛ ፈተና ልወስድ ነው። እዚያም ፎቶ አሳይተው አውራ ይላሉ። 20 ሰከንድ ለማሰብ ይሰጣሉ፣ ከዚያ እስከ 90 ሰከንድ መናገር ነው። እዚህ የተባለው ለእኔም ይሠራል? ጀርመንኛ ግን አልችልም።

ፊደል ቆጣሪዋ
ጆሲ፣ ቅደም ተከተሉ ይሠራል። አንተ ግን የምታወራው ለኮምፒውተር ነው። ፊቱን አይተህ “ገባው አልገባው” የምትለው ሰው የለም፣ ጥያቄ አቅርቦ የሚያወጣህም የለም። ስለዚህ ግምትህንና ምክንያትህን ሳትጠየቅ ራስህ አምጣ፣ ጊዜውንም ሙላ። ሚሚ ፊት ለፊቷ ሁለት ፈታኞችና አንድ ሌላ ተፈታኝ አሉ። ካቆመች ይጠይቋታል። ደግሞ የግሡ ቦታ ጣጣ በእንግሊዝኛ የለብህም፣ እድለኛ ነህ።

ሳሮን ስቱትጋርት
እኔ ከግሡ ቦታ በላይ የፈጀኝ ሌላ ነገር ነው። አገር ቤት እንግሊዝኛ ተምረን ስለመጣን “እየሠራች ነው” ለማለት ስንፈልግ “ነች”ን ፈልገን እናስገባለን። “ዲ ፍራው ኢስት ቴሌፎኒረን” ስል አስተማሪዬ ሁልጊዜ ፊቷን ታጨማድድ ነበር። ማንም በደንብ ያስረዳኝ አልነበረም። በኋላ ጎረቤቴ ነች የነገረችኝ፦ ጀርመንኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ተራውን ግሥ ተናገሪና ዝም በይ አለችኝ።

ፊደል ቆጣሪዋ
ሳሮን ትክክል ነሽ፣ ፎቶ መግለጽ ላይ ከሚበዙት ስህተቶች አንዱ እሱ ነው። ፎቶ ሁሌም “አሁን እየሆነ ያለ” ነገር ስለሆነ እንግሊዝኛው ይመጣብናል። “ቴሌፎኒርት” ብቻውን “ስልክ ታወራለች”ም “እያወራች ነው”ም ይሆናል። “አሁን በዚህ ቅጽበት” የሚለውን ማጉላት ከፈለግሽ “ገራደ” ጨምሪ፦ “ዲ ዩንገ ፍራው ቴሌፎኒርት ገራደ።” አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። በየዓረፍተ ነገሩ ከሆነ ይሰለቻል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛችን ሰዓቱም ጋዜጣውም ሴትየዋም “አለ፣ አለች” ብሎ ይገላገላል። ጀርመኖቹ ነገሩ እንዴት እንዳለ መናገር ይወዳሉ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ “ሄንግት”፣ ተሰቅሏል። መጽሔቶቹ ጠረጴዛው ላይ “ሊገን”፣ ተጋድመዋል። ጽዋ ወይም ጠርሙስ ከሆነ “ሽቴት”፣ ቆሟል። ሰው ደግሞ “ዚትስት” ወይም “ሽቴት”። እነዚህን አራት ግሦች በትክክል የተጠቀመ ተፈታኝ ሌላው ጀርመንኛው ቢሰባበርም ጆሮ ውስጥ ይገባል።

አባ ናትናኤል
ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ፈተናውን የወሰድኩት በስተርጅና ነው፣ ፍራንክፈርት ታክሲ እየነዳሁ። ስለ ግምቱ ማንም አላነሳም። እኔን ያዳነኝ ግምቱ ነው። ቃል ሲጠፋኝ “ፊላይሽት” እላለሁ፣ ምናልባት። ከዚያ የሆነ ነገር ከኋላዋ ይመጣል። ሰውዬው ምናልባት የቀጠሮው ሰዓት አልፏል፣ ምናልባት ሚስቱ ውስጥ ናት፣ ምናልባት ሊዝናና ነው የመጣው። ፈታኟ ሳቀች። እኔም ቀለለኝ።

ሚሚ ከካሰል
ጋሼ፣ ሳቄን አመጡት። ግን “ፊላይሽት” ብቻ ይበቃል? ኩርሱ ላይ ብዙ የግምት አባባል ሰጥተውናል፣ በጭንቅላቴ ተቀላቀሉብኝ። “ኤስ ዚት ዞ አውስ፣ አልስ ኦብ…” የምትለዋን ስጀምራት መጨረሷን አላውቅም።

ፊደል ቆጣሪዋ
እሷን ለዚህ ፈተና እርሻት። ከኋላዋ የሚመጣው ግሥ ቅርጹን ይቀይራል፣ ቢ1 ላይ ማንም አይጠብቅብሽም። ሦስት ያዢ፦

“ፊላይሽት”፣ ምናልባት። ዓረፍተ ነገሩን ከጀመረች ግሡ ወዲያው ይከተላታል፦ “ፊላይሽት ሃት ዳስ ኪንት ፊበር።” ልጁ ምናልባት ትኩሳት አለው።
“ኢሽ ግላውበ”፣ ይመስለኛል። ከሷ በኋላ ሙሉ ተራ ዓረፍተ ነገር እንደነበረ ልትቀጥዪ ትችያለሽ፦ “ኢሽ ግላውበ፣ ዚ ኢስት ዲ ሙተር።” እናቱ ትመስለኛለች።
“ዳስ ኬንተ … ዛይን”፣ ሊሆን ይችላል። መሃሏ ላይ የምትገምችውን ነገር ትከቻለሽ፦ “ዳስ ኬንተ አይነ ኪንደርፕራክሲስ ዛይን።” የሕፃናት ሐኪም ቤት ሊሆን ይችላል።

ጋሽ አባ ናትናኤል በግምቱ ልክ ናቸው፣ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። ግምትሽን ከፎቶው ጋር የምታስሪበት ምክንያት ስጪ። “ምናልባት ታሟል” ካልሽ እዚያው ያልቃል። “ምናልባት ታሟል፣ ምክንያቱም የደከመው ይመስላል” ካልሽ ግን ፎቶውን ማየትሽን አሳየሽ፣ “ምን ዓይነት ሁኔታ ነው” የሚለውንም መለስሽ። “ፊላይሽት ሃት ዳስ ኪንት ፊበር፣ ዴን ኤስ ዚት ሙደ አውስ።”

እዚህ “ዴን” ያልኩት ሆን ብዬ ነው። “ቫይል” ካልሽ ግሡ ወደ መጨረሻ መሄድ አለበት፤ ሲጨንቅሽ ይረሳል። “ዴን” ምንም አያናውጥም፣ ተራውን ዓረፍተ ነገር ቀጥዪበት።

አባ ናትናኤል
እህቴ መምህርት፣ እዚህ ላይ ልከራከር። ለጀርመንኛ ጀማሪ እንግሊዛዊ “ቫይል” ይከብደው ይሆናል። ለእኛ ግን ግሥ መጨረሻ ላይ መሆኑ የአባቶቻችን ነው! “ስለደከመው” ስንል ግሡ የት ነው? መጨረሻ። እኔ “ቫይል” ስል አማርኛዬን እንደማወራ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። የከበደኝ ተራው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግሡ መሃል የሚገባበት።

ፊደል ቆጣሪዋ
ይህ እውነት አለበት ጋሼ። አጭር ከሆነ ይሠራል፦ “ቫይል ኤስ ክራንክ ኢስት።” ክፍል ውስጥ የማየው ግን ሌላ ነው። የእኛ ተማሪ በ“ቫይል” ጀምሮ ሲረዝምበት፣ መሃል ላይ ግሡን ያወጣዋል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይደግመዋል። ሁለት ግሥ ይሆናል። እንግሊዝኛ ሳይማር ጀርመንኛ የጀመረ ሰው ይሻለው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሳሮን ስቱትጋርት
እኔ በ“ዴን” ነኝ። ይቅርታ ጋሼ። 🙂

ሌላ ጥያቄ ግን አለኝ። ግምት ላይ እስከ የት ነው የሚኬደው? የእኔ ፎቶ ላይ ሻርፕ የለበሰች ሴት ነበረች። አብሮኝ የተፈተነው ልጅ በራሱ ፎቶ ላይ “ይህ ሰው ስደተኛ ይመስለኛል” አለ። ፈታኞቹ ምንም አላሉትም፣ እኔ ግን ቅር አለኝ።

ወንዴ 77
ግምት ግምት ነው። ፈተና ነው እንጂ ፖለቲካ አይደለም። ሰዋስው እስከተስተካከለ ምን ችግር አለው?

ፊደል ቆጣሪዋ
ነጥብ ይቀነስበታል አልልም፣ ሰዋስውና ይዘት ነው የሚመዘነው። ግን እንደ ስልትም ደካማ ግምት ነው። “ስደተኛ ይመስለኛል” ካልክ ፈታኟ “ለምን?” ብትልህ ምን ትመልሳለህ? የቆዳውን ቀለም? ምክንያት ልትሰጥበት የምትችለውን ገምት። ዝምድናቸውን፣ ምክንያቱም ተቃቅፈዋል። ወቅቱን፣ ምክንያቱም ወፍራም ጃኬት ለብሰዋል። ስሜታቸውን፣ ምክንያቱም ፈገግ ብለዋል። ሰዓቱን፣ ምክንያቱም ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይናገራል። (ሚሚ፣ ሰዓቱ ሥራ አገኘ።)

ወንዴ 77
እሺ፣ ይሄኛው አሳመነኝ። በከፊል።

ሚሚ ከካሰል
ሞከርኩ! ድምፄን ስልኬ ላይ ቀድቼ፣ ያልኩትን እንዳለ ጻፍኩት። እንዳትስቁ።

“አውፍ ዴም ፎቶ ዚት ማን አይን ቫርተትሲመር ባይም አርትስት። ኢም ፎርደርግሩንት ዚትስት አይነ ፍራው ሚት ኢረም ኪንት። ሊንክስ ፎን ዲ ፍራው ሊስት አይን አልተር ማን ትሳይቱንግ። ኢም ሂንተርግሩንት አይነ ዩንገ ፍራው ቴሌፎኒርት። አን ዴር ቫንት ሄንግት አይነ ኡር። ኢሽ ግላውበ፣ ዳስ ኪንት ኢስት ክራንክ፣ ቫይል ዲ ሙተር ሃት አንግስት።”

ልጁ ግንባር ላይ ያለውን እጅ ልናገር ፈልጌ ግንባር ምን እንደሚባል ጠፋኝ፣ ዘለልኩት።

ፊደል ቆጣሪዋ
በጣም ጥሩ። ይህንን ፈተና ላይ ብትዪው በደስታ ነው የምሰማው። ሦስት ነገር ላስተካክል።

አራተኛዋን ተመልከቻት። ድካሙ ሲመጣ ግሡ ሸሸ። “ኢም ሂንተርግሩንት ቴሌፎኒርት አይነ ዩንገ ፍራው” ነው። ከፊተኞቹ ጋር አወዳድሪያት፣ እነሱን ልክ ብለሻቸዋል። ስለዚህ ሕጉ ገብቶሻል፣ የቀረሽ አፍሽን ማስለመድ ነው።

ሁለተኛ፣ “ሊንክስ ፎን ዲ ፍራው” ሳይሆን “ሊንክስ ፎን ዴር ፍራው”። “ፎን” ሁልጊዜ እንዲህ ነው። “ኔበን” እና “ሂንተር”ም የቆመ ነገር ያለበትን ሲናገሩ እንዲሁ ናቸው፦ “ኔበን ዴር ፍራው፣ ኔበን ዴም ማን፣ ኔበን ዴም ኪንት”። ሦስቱን እንደ ዘፈን ያዢያቸው፣ ለማንኛውም ፎቶ ይበቃሻል። ሌላም ጉዳይ አለባት። “ከሴትየዋ በግራ” ስትዪ በማን ግራ ነው? በእሷ ወይስ በአንቺ? ፊቷ ወደ አንቺ ከሆነ የእሷ ግራ የአንቺ ቀኝ ነው። “ሊንክስ ኢም ቢልት” ብትዪ፣ በፎቶው ግራ በኩል፣ ጭቅጭቅ የለም። ወይም “ኔበን” በይና ተገላገዪ።

ሦስተኛ፣ “ቫይል ዲ ሙተር ሃት አንግስት”። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፣ ይኸው “ቫይል”። “ቫይል ዲ ሙተር አንግስት ሃት” ነው የሚባለው፣ ወይም “ዴን ዲ ሙተር ሃት አንግስት”። ምርጫው ያንቺ።

ግንባር “ሽቲርን” ይባላል፣ ግን ባታውቂውም አትዝለዪው። እሱ እኮ የፎቶው ልብ ነው፤ ልጁ መታመሙን የምታውቂበት ብቸኛ ማስረጃ። “ኮፕፍ”፣ ጭንቅላት፣ ታውቂያለሽ አይደል? “ዲ ሃንት ኢስት አም ኮፕፍ” ብትዪ ማንም ይገባዋል። ቃል ሲጠፋሽ ሰፋ ወዳለው ቃል ሂጂ። ከሽቲርን ወደ ኮፕፍ፣ ከጭነት መኪና ወደ አውቶ፣ ከቀሚስ ወደ ልብስ።

አባ ናትናኤል
አይ ሚሚ፣ አሳፈርሽኝ። “ቫይል”ን አደራ ብዬሽ ነበር። 😀

ሳሮን ስቱትጋርት
ሚሚ፣ አንድ ልምምድ ልንገርሽ። ፎቶውን ያላየ ሰው ላይ ደውዪና ግለጪለት፣ እሱ ወረቀት ላይ ይሣል። እኔ ከእህቴ ጋር በቴሌግራም እንዲህ እናደርግ ነበር፤ እሷም ጀርመንኛ እየተማረች ነው፣ ድሬዳዋ። ሽማግሌው ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ሥላ ስትልክልኝ ያኔ የቦታ ቃሌ እንደተበላሸ አወቅኩ። አስተማሪ ሲያርምሽ “እሺ” ብለሽ ታልፊያለሽ። ሥዕሉ ግን ይቅር አይልሽም።

ፊደል ቆጣሪዋ
ይህንን ነገ ክፍሌ ውስጥ እሞክረዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ሚሚ፣ ከፎቶው በኋላ የሚመጣውንም አትርሺ። ገለጻው ሲያልቅ ፈታኟ ስለ ራስሽ ልምድ ትጠይቅሻለች። ብዙ ሰው ኃይሉን ሁሉ ፎቶው ላይ ይጨርስና እዚህ ሲደርስ ይደርቃል። የቃል ፈተናው በጠቅላላ ለሁለታችሁ 16 ደቂቃ ያህል ነው፣ እሱም ለሦስት ክፍል ይከፋፈላል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ባትቆዪ ይሻላል። ያንቺ ጽሑፍ በዝግታ ቢነበብም ደቂቃ አይሞላም፣ ለሁለት ግምት ቦታ አለሽ።

መሸጋገሪያውን ከፎቶው ራሱ አውጪው። ሽማግሌው ጋዜጣ እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። አንቺስ እዚህ ሐኪም ዘንድ ስንት ትጠብቂያለሽ? አገር ቤትስ እንዴት ነበር? እዚህ ቀጠሮ በስልክ ይያዛል፣ እዚያ ጠዋት ሄደሽ ካርድ ታወጪያለሽ፣ ተራሽን ትጠብቂያለሽ። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ታውቂያቸዋለሽ፣ ኖረሽባቸዋል።

ወንዴ 77
እዚህ ላይ ምክር አለኝ። ለዚህ ክፍል ጽሑፍ አዘጋጅቶ መሸምደድ ነው። ስለ ሐኪም፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ አንድ አንድ ገጽ። እኔ ሁሉንም ነበረኝ።

ፊደል ቆጣሪዋ
ቃላቱን በርዕስ በርዕስ ማዘጋጀት፣ አዎ። ሙሉ ገጽ መሸምደድ፣ አይሆንም። የተሸመደደ ነገር ይታወቃል። ድምፁ ይለወጣል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ይሰካል። ፈታኙ ያኔ አንድ ጥያቄ መሃል ላይ ይጥላል፣ ተፈታኙም ከየት እንደሚቀጥል ይጠፋዋል።

ወንዴ 77
እኔን አላቋረጡኝም።

ሚሚ ከካሰል
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ነገ ማታ በሌላ ፎቶ እሞክራለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አብሮኝ የሚፈተነው ሰው ከእኔ በፊት ከገለጸ፣ እሱ “ኢም ፎርደርግሩንት፣ ኢም ሂንተርግሩንት” ካለ፣ እኔ ደግሜ ብለው ከእሱ የቀዳሁ አይመስልም?

ሳሮን ስቱትጋርት
አይመስልም። ርዕሱ አንድ ቢሆንም ፎቶአችሁ ይለያያል። የእኔ አጋር ሱፐርማርኬት ደረሰው፣ እኔ ሜዳ ላይ ያለ ገበያ። ሁለታችንም “ኢም ፎርደርግሩንት” አልን፣ እሱ ጋሪ ነበር፣ እኔ ቲማቲም። ይልቅ እሱ ሲያወራ ስሚው። እኔ የእሱን ሰምቼ “ሽላንገ” የምትለዋን፣ ወረፋን፣ እዚያው ወስጄ ተጠቅሜባታለሁ።

አባ ናትናኤል
የእኔ አጋር በጣም ያወራ ነበር። ፈታኟ “ዳንከ” ብላ እስክታስቆመው ድረስ። ያኔ ምን ይደረጋል መምህርት? ከእኔ ጊዜ ነው የሚቆረጠው?

ፊደል ቆጣሪዋ
አይቆረጥብዎትም ጋሼ። ጊዜውን የሚጠብቀው ፈታኙ ነው፣ ማስቆም የእሱ ሥራ ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን፣ አብራችሁ የምታቅዱበት፣ ተናጋሪ አጋር ከገጠመ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ማንም እስኪያስቆመው አይጠበቅም፣ ራስ ነው የሚገባው። ለእሱ ሌላ ርዕስ ክፈቱና እዚያ እናውራ፣ ይሄ ረዘመ።

ሚሚ ከካሰል
እከፍተዋለሁ። እስከዚያ ሥዕል የሚሥልልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ጆሲ፣ ጀርመንኛ ባትችልም እኔ በእንግሊዝኛ እገልጽልሃለሁ፣ አንተም ትገልጽልኛለህ። ይሆናል?

ጆሲ
ይሆናል። ግን ሥዕል አልችልም፣ ሽማግሌውን በክብ ጭንቅላትና በዱላ እግር ነው የምሥልሽ።

ሚሚ ከካሰል
የት እንደተቀመጡ ልክ ከሆነ ይበቃኛል።